የሐረግ ነጭ ኮፍያዎች

ምክር በነፃ የሚታደልበት አገር ካለ መካነ ሰላም ነው፤ ምክር በገፍ የሚታደለው ሰው ካለ ደግሞ ጎረቤቴ ሐረግ ናት። አንዱ ይመጣና «ዶሮ አርቢ» ይላታል። ሌላው «ትንሽ ሱቅ ክፈቺ» ይላታል። ሦስተኛው በሩ ላይ ቆሞ፣ ሳይገባ፣ «ለአንቺ የሚሆንሽ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሥራ ነው» ብሏት ይሄዳል፤ ተቀምጣ መዋሏን መጀመሪያ ያየ እሱ ይመስል። እኔ የሻለም፣ በርበሬ ሻጯ፣ ከሐረግ ቤት የሚለየኝ አንድ የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ ይህን ሁሉ ስሰማ ኖሬአለሁ። ስንቱን መካሪ ከግድግዳው ማዶ ሆኜ ሰድቤዋለሁ። እሷ ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ትልና ወደ እንዝርቷ ትመለሳለች።

ሐረግን በልጅነቷ ፖሊዮ ሁለቱንም እግሯን አስልሎባታል። የምትንቀሳቀሰው በሁለት ክራንች ነው። ክራንች እግር ይሰጥና እጅ ይወስዳል፤ ይህንን እኔም ያወቅሁት ከእሷ ነው። አንድ ቀን ጣሳ ውሃ በክንዷና በክራንቹ መሃል አጣብቃ ግቢውን ልትሻገር ስትሞክር አይቼ ጮህኩባት። «አየሽ የሻለም፣ እኔ ስቆም እጅ የለኝም። እጅ የማወጣው ስቀመጥ ነው» አለችኝና ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ጣሳውን ተቀብዬ አሻገርኩላት።

መተዳደሪያዋ ፈትል ነው። ጥጡን ትፈለቅቃለች፣ ታባዝታለች፣ ትፈትላለች። ሌላዋ ሴት እንዝርቱን በጭኗ ላይ ነው የምታሾረው፤ የሐረግ ጭን ስለሳሳ ልሙጥ ጣውላ ጭኗ ላይ አስራ በዚያ ላይ ታሾረዋለች። ፈትሏን የሚያውቅ ሸማኔ ሌላ አይነካም። ይሁንና የፋብሪካ ክር ከመጣ ወዲህ የእጅ ፈትል የሚፈልገው ደህና ጋቢ ያሰበ ሰው ብቻ ነው። ፈትል ብቻውን ወሩን አልደፍን አላት። የጎን ሥራ አስፈለጋት።

አስፈለጋት ስል ለትርፍ ነገር እንዳይመስላችሁ። እናቷ ሐረግን ለማስተማር ብለው ነበር ገጠሩን ትተው እዚህ ቤት የተከራዩት። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ታላቅ ወንድሟ አሻግሬ «አገርሽ ግቢ» ይላታል። ክፉ ሰው አይደለም። ሰው «እህቱን ከተማ ጥሎ» እንዳይለው ይፈራል፣ እሷም ብቻዋን ታማ እንዳትገኝ ይፈራል። ግን ቀዬአቸው ወደ መቅደላ በኩል ተዳፋት ላይ የተሰቀለ ነው፤ ከበር እስከ አጥር ድንጋይ በድንጋይ፣ ለክራንች የማይሆን። እዚያ የሚጠብቃትን ሥራ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እህል ደጅ ይሰጣል፣ ሐረግ ረጅም ዘንግ ይዛ ዶሮ ስትከለክል ትውላለች።

«ስጥ ጠባቂ ሆኜ አላረጅም» አለችው።

«እንግዲያው እጅሽ እንደሚያኖርሽ አሳዪኝ። ለፋሲካ እመጣለሁ። ያለዚያ በቅሎዋን ጭኜ ይዤሽ ነው የምሄድ» አላት። የተናገረውን የማያጥፍ ሰው ነው፤ ሐረግም ያው የእሱ እህት ናት።

ስለዚህ ምክሩን ሁሉ መመዘን ጀመረች። መመዘኛዋ አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ስንት ጊዜ ያስነሣኛል?» ትላለች። ዕቃው ካለችበት መምጣት አለበት። ወገቧን ሲያማት አስቀምጣው ጋደም ብትል የማይበላሽ፣ ተሠርቶ ሲያልቅ ደግሞ እኔን የመሰለ ሰው በዘንቢል ይዞት የሚሄድ ቀላል ነገር መሆን አለበት። ገዢው ሩቅ ከሆነም አይሆንም። መካሪዎቹ ይህን አንዱንም አይጠይቋትም፤ ዓይናቸው መቀመጧ ላይ ብቻ ነው።

«ሽመና ተማሪ» ያላት ሰው ለምሳሌ የሸማኔን እጅ እንጂ እግሩን አይቶ አያውቅም። ሸማኔ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ መወርወሪያውን በእጁ ይወርውር እንጂ ድሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ከታች መርገጫውን የሚረግጠው እግሩ ነው። ሐረግ ሰውየውን በትሕትና «እግር የሚያበድረኝ ካገኙልኝ ነገ እጀምራለሁ» አለችው። ባለ መርገጫ የልብስ ስፌት መኪናም በዚሁ ቀረ።

ዶሮን ሞከረችው። ዶሮ ማርባት ማለት መሮጥ ማለት ነው፤ ጭልፊት ስትመጣ መነሣት፣ ዶሮዋ ከሰው ጓሮ ስትገባ መነሣት፣ ማታ ለማስገባት መነሣት። ዶሮዎቹ ካሰጣሁት በርበሬ ላይ ሲቧጥጡ ተገኝተው እኔና እሷ ለትንሽ ተኮራረፍን። ከዚያ እኔው በርበሬ ቀንጥሺልኝ ብዬ ሰጠኋት፤ በተዘጋ ቤት የበርበሬ ብናኝ ውስጥ ተቀምጦ መዋል ሳንባ ይጨርሳልና ሳሏን በግድግዳው በኩል ስሰማ ሄጄ መለስኩት። የሞባይል ካርድና የብር ማስተላለፍ ሥራም ጀምራ ነበር፤ በሩ ሥር ተቀምጣ በስልኳ መጨረስ ነው፣ አያስነሣትም። ጥሩ ነበር። ግን በዚህ ጊዜ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ጠፍቶም ይከርማል፤ አብሮ ሥራው ጠፋ።

የቀረው ዳንቴል ነበር። በትምህርት ቤት የእጅ ሥራ መምህርቷ ያስተማረቻት ነው። መርፌዋን በአንድ እጅ፣ ክሩን በሌላው ይዛ የጠረጴዛ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የቴሌቪዥን መሸፈኛ ትሠራለች። ሥራዋ ያምራል። ግን ዳንቴል የሚገዛ ሙሽራ የሚድር ሰው ነው፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ ሠርግ የለም። የሠራችው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አቧራ ጠጣ። ፋሲካም ይቀርባል።

ያን ሰሞን ነው ጠይባ የመጣች። ጠይባ ከገበያው አፍ ላይ የልብስ ሱቅ አላት፤ ጅልባብ፣ ሽርጥ፣ ሽቶ፣ የስግደት ኮፍያ ትሸጣለች። በርበሬ ከእኔ ነው የምትገዛው፤ ልትገዛ መጥታ የሐረግን ዳንቴል በተከፈተው በር አየችው። ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም አንድ ላይ ገጥመው ነበር፤ እሷም ትጾማለች፣ እኛም እንጾማለን። መንገዱ ይዘጋል ይከፈታል፣ ዕቃዋ ደሴ ላይ ቀርቶባታል።

«ያ ረቢ! ነጭ ኮፍያ ሰው ይጠይቀኛል፣ መደርደሪያዬ ባዶ ነው» አለች። ቀጥላ ዳንቴሉን በጣቷ እየነካካች፣ «ሐረግ፣ ይህን ጠፍጣፋውን ጎድጓዳ ማድረግ ትችያለሽ?»

ሐረግ አላመነታችም። «ክሩን አምጪልኝ» አለች።

ክሩ መጣ። አያስነሣም፤ ሲያማት ታስቀምጠዋለች፤ ሲያልቅ አንድ ዘንቢል ይይዘዋል፤ ገዢዋ እዚሁ ገበያ ናት። መመዘኛውን ሁሉ አለፈ። እሷም እንደዚያ ስትሠራ አይቻት አላውቅም። ከጠዋት አጎዛዋ ላይ ትቀመጣለች፣ ጀርባዋን ግድግዳ ታስደግፋለች፣ በመካከሉ በሁለት እጇ ተደግፋ ሰውነቷን ከፍ አድርጋ ትንፋሽ ትወስድና ትቀጥላለች። ኮፍያውን ስትጨርስ በቀጭን የዱቄት ሙቅ ነክራ በተደፋ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ትወጥረዋለች፤ ሲደርቅ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የእኔንም ሳህኖች ወሰደችብኝ። ግቢያችን ፀሐይ ላይ የተደፋ ሳህን ብቻ ሆነ። እኔ በዘንቢል ለጠይባ አደርሳለሁ፣ ጠይባ ትሸጣለች። ሰው እየተሻማ ነው የገዛው። ሐረግ ዘፈን አንጎራጎረች፤ በጾም አይዘፈንም ብዬ ከግድግዳው ማዶ ገሠጽኳት እንጂ ደስ ብሎኛል።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጠይባ ፊቷ ደም መስሎ ገባች። በሩን ዘጋችው። ኮፍያ በእጇ ይዛለች።

«ሐረግ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ኮፍያ ነዋ።»

ጠይባ ጥቁር ሻሿን ፈትታ ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ አደረገችና ኮፍያውን ደፋችበት። ያን ጊዜ አየነው። ከአናቱ መሃል ተነሥቶ ወደ አራት አቅጣጫ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ተሰልፎ፣ ጥቁሩ በነጩ መሃል ወጥቶ ይታያል። መስቀል ነው። የለም፣ መስቀል ይመስላል አልልም፤ መስቀል ነው።

እኔ «በስመ አብ!» ብዬ አማተብኩ፤ እጄ መሃል መንገድ ላይ ሳለ አፈርኩና አወረድኩት።

ሐረግ ምን እንደ ሆነ ወዲያው ገባት። የጠረጴዛ ልብስ ከመሃል ነው የሚጀመረው። ቀለበት ይታሰርና ወደ አራት ማዕዘን ይከፈታል፤ በየዙሩ በአራቱ ማዕዘን ላይ ክፍት እየተተወ ይሰፋል። እጇ ያን ለምዷል፤ ኮፍያውንም በአራት ጀመረችው። በሳህን ላይ ስትወጥረው ማዕዘኑ ተለጥጦ ክብ መሰለ። ነጭ ክር በነጭ ሳህን ላይ ደግሞ ቀዳዳው አይታይም። የወንድ ራስ፣ ጥቁር ጠጉር ያለው፣ በዚህ ቤት የለም። እሷም እኔም ሻሽ እናስራለን። ለአንድም ቀን ራስ ላይ አላየነውም።

ያየው የጠይባ አማት ሐጂ አሕመድኑር ናቸው። ሐጂ ጉልበታቸው አልታጠፍ ስላላቸው መስጂድ የሚሰግዱት ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ሰጋጁ ሁሉ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ ከወንበራቸው ላይ የሁሉም አናት ወለል ብሎ ይታያቸዋል። ከፊታቸው ያለው ወጣት ራስ ላይ መስቀል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ራስ ላይ መስቀል። ሐጂ ስግደታቸው ተምታታባቸው። ለጠይባ ብቻ፣ በቀስታ፣ «ሰብስቢያቸው፤ ነገር እንዳይሆን» አሏት። ግን ከእሳቸው ጎን ወንበር ላይ የነበሩ ሌላ ሽማግሌም አይተው ኖሮ ሰዓት ሳይሞላ ወሬው ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

«አንዳንዱ ስቋል። አንዳንዱ ግን "ሆን ብላ ነው" ብሏል፤ ኮፍያውን ሱቄ ውስጥ የወረወረብኝ አለ» አለች ጠይባ። «እኔ አውቅሻለሁ። ወላሂ አውቅሻለሁ። ግን ምን ልበላቸው?»

ከዚያ ይህችን ብልሃት አመጣች፤ መሃሉ ላይ ክብ ጨርቅ ወይም ቁልፍ ሰፍተን እንሸፍነው። እኔም ግሩም አልኩ። ሐረግ ኮፍያውን አገላብጣ ስታየው ቆየች።

«ጨርቁ ሲላቀቅ ምን ልባል ነው?» አለች። «ሁሉንም ሰብስቢልኝ። የተሸጠውንም፣ ያልተሸጠውንም። ፈትቼ እንደገና እሠራቸዋለሁ፤ ለኢድ ይደርሳሉ።»

ዳንቴል እንዴት እንደሚፈታ ለማያውቅ ልንገር። የተበላሸው አናቱ ነው፤ አናቱ ግን መጀመሪያ የተሠራው ነው። ዳንቴል የሚፈታው ከመጨረሻው ነው፤ ከጠርዙ ጀምሮ ዙር በዙር ወደ ላይ ተተርትሮ አናቱ ላይ የሚደርሰው ምንም ሳይቀር ነው። ማለትም ሁሉንም ማጥፋት ነው። ዱቄቱን በሞቀ ውሃ ማስለቀቅ፣ መተርተር፣ ክሩን በርጥቡ ጠቅልሎ ማድረቅ፣ ከዚያ ከቀለበቱ እንደገና። ጠይባ «አትችይውም» አለች። ሐረግ የያዘችውን ኮፍያ ጠርዝ ቋጠሮ በጥርሷ በጠሰችና ሳበችው። ተርርር እያለ ሲሄድ እኔ ማየት አልቻልኩም፣ ወጣሁ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ሐረግ መልቀሙን ግን በችኮላ አላደረገችውም። እንደ አዲስ አናቱን በስድስት ጀመረችው፤ ስድስቱም ጠርዝ እያወጣ አልወደደችውም፣ ፈታችው። ዙሩን ሁሉ ቶሎ ቶሎ አሰፋችው፤ እንደ ጎመን ቅጠል ተጥመለመለ፣ ፈታችው። መጨረሻ በስምንት ከፈተችው፤ ክፍቶቹንም በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ወደ ጎን እያስቀደመች ወሰደቻቸው፤ ቀጥ ብሎ የሚሄደው መስመር ጠፋ፣ በምትኩ እየዞረ የሚሰፋ አበባ ወጣ። የእኔን ጥቁር ሻሽ ሳህኑ ላይ አልብሳ ነው የምታየው። «ሳህን ራስ አይደለም» ትላለች ግን። «ራስ እፈልጋለሁ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ለወንድም ግን ባዳ አይደለም። ወሬው በገበያ ቀን ተራራውን ወጥቶ አሻግሬ ዘንድ ደረሰ። እዚያ ሲደርስም አድጎ ነው። «እህትህ መስጂድ ሙሉ ሰው መስቀል አልብሳ አሰገደች፤ ከተማው ሊያባርራት ነው» ተብሎ ነው የተነገረው። ፋሲካን አልጠበቀም። በቅሎዋን ይዞ ከች አለ።

ሲገባ እዚያው ነበርኩ፤ ዱቄት እየበጠበጥኩላት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ተነሺ ሐርጌ። ዕቃሽን ልሰር።»

ሐረግ ቀና ብላ አየችው። ዙሪያዋ ተፈትቶ የተጠቀለለ ክር፣ የተጀመረ ኮፍያ፣ የተደፋ ሳህን ነው። «ባርኔጣህን አውልቅ» አለችው።

«ምን?»

«አውልቅና ከፊቴ ተቀመጥ። ጠጉርህ ጥሩ ጥቁር ነው።»

«ሰው ሊገድልሽ ነው እያሉኝ አንቺ ስለ ጠጉሬ...»

«ማንም አይገድለኝም። የሰው ንብረት ነው እጄ ላይ ያለው፤ ከፍለውበታል። ሳላደርስ ከዚህ ብሄድ ያን ጊዜ ነው ሆን ብላ ነው የሚሉኝ። ያን ጊዜ ነው አንተም በእኔ የማታፍርበት አገር የምታጣ። ተቀመጥ አሻግሬ፤ አንገቴን አታስዘርጋኝ።»

አሻግሬ እኔን አየኝ። እኔ ዱቄቴን በጠበጥኩ። ሰውየው መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ሐረግ ያን ሰፊ ራሱን ይዛ ኮፍያውን ደፋችበት። በጾሙ ስንት ስግደት የሰገደ የአርሶ አደር ራስ ነጭ ኮፍያ ለብሶ አየሁና ሳቄን ለመዋጥ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

በዚህ መሃል በሩ ላይ «አሰላሙ አለይኩም፣ ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሐጂ አሕመድኑር ናቸው፤ ጠይባ ክንዳቸውን ደግፋለች። አሻግሬ ኮፍያውን አውልቆ ሊነሣ ሲል ሐረግ ትከሻውን ተጭና አስቀመጠችው። የከተማው ቁጣ ራሱ በሽማግሌ ተመስሎ የመጣ መስሎታል።

ጠይባ የተሰበሰቡትን ኮፍያዎች በፌስታል ይዛለች። ለሐጂ በርጩማ ሰጠኋቸው። ተቀመጡና ጉልበታቸውን አሹ።

«ይቅር ይበሉኝ አባባ» አለች ሐረግ። «አላወቅሁም ነበር፤ እጄ የለመደው ነው።»

«የኔም ዓይን ማየት አልነበረበትም፤ ስግደት ላይ ነበርኩ» አሉ ሐጂ። «አላህ ሁለታችንንም ይማረን። አሁን የመጣሁ ፈታሁ፣ ሠራሁ ማለትሽን ሰምቼ ነው። ሰው ይጠይቀኛል፤ ሳላይ ደህና ነው ልል አልችልም። ይህ ማነው?»

«ወንድሜ ነው፤ አሻግሬ።»

«አሻግሬ፣ ጎንበስ በል እስቲ ልጄ። እንደ ሰጋጅ። ግንባርህን ወደ መሬት።»

አሻግሬ መጀመሪያ እህቱን አየ። ከዚያ ሁለት እጁን መሬት አድርጎ ጎነበሰ። ሐጂ ከበርጩማው ላይ ወደ ፊት ዘመም ብለው አናቱን አዩት፤ ኮፍያውን በጣታቸው አዞሩት፤ እንደገና አዩት። ሐረግ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። በዚያ አናት ላይ ያለው ሥራዋ ብቻ አልነበረም። ይህ ቤትም፣ ይህ አጎዛም፣ ከተማውም አብረው ነበሩ።

«አበባ ነው» አሉ ሐጂ። «እየዞረ የሚሄድ አበባ።» ቀጥለው አሻግሬን ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። «ቀና በል ልጄ፤ አንተም ለኔ ብለህ ደከምህ።»

ጠይባ ፌስታሉን ሐረግ ፊት አስቀመጠችው። «አንድ ብቻ ነው የቀረው። ባለቤቱ አልሰጥም ብሏል፤ ራሱ በራ ስለሆነ አይታይብኝም አለ» አለችና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሐረግም ሳቀች፤ ግን ወዲያው «ቢሆንም አምጪው» አለች። «የኔ እጅ ሥራ ነው፤ አይቀርም።»

«የተናደዱትስ?» አልኳት ጠይባን፤ ሐረግ እንደማትጠይቅ ስለማውቅ።

«አንዱ አሁንም አይሰማም። አይገዛም፣ ይተወው። ሌላው ሐጂ ካዩት እንገዛለን ብሏል። አብሽሪ።»

ሐጂ ጥምጥማቸውን መፍታት ጀመሩ። ቀስ እያሉ፣ ዙር በዙር፣ እስኪያልቅ። ከሥሩ የነበረው ኮፍያቸው አርጅቶ ቢጫ ሆኗል። እሱንም አወለቁና ሽበታም ራሳቸውን ወደ ሐረግ ዝቅ አደረጉ። «ለክተሽ ያዢልኝ፤ ለኢድ የምለብሰው ከአንቺ እጅ ይሁን። ጁምዓ ዕለት ሰው ሁሉ ሳይገባ መስጂዱ በር ላይ አውልቄ አሳያቸዋለሁ።»

ሐረግ የክር መለኪያዋን በራሳቸው ዙሪያ አዞረች። ለካች፣ ቋጠሮ አሰረች፣ ከሌሎቹ መለኪያዎች ጋር ምስማሩ ላይ ሰቀለችው። እሳቸውም ጥምጥማቸውን መልሰው አሰሩ፣ ዱዓ አደረጉላት፣ ጠይባን ተደግፈው ወጡ።

አሻግሬ እንደ ተቀመጠ ነው። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዞ ያገላብጠዋል፤ አንድ ጊዜ አናቱን፣ አንድ ጊዜ እህቱን ያያል። ሐረግ ፌስታሉን ወደ ራሷ ስባ የመጀመሪያውን አሮጌ ኮፍያ ጠርዝ ፈልጋ አግኝታ መተርተር ጀምራለች። ተነሺ ያላትም፣ ልነሣ ያለችም የለም።

«ይህ ሁሉ ላንቺ ነው የመጣ?» አለ በመጨረሻ። ፌስታሉን ማለቱ ነው።

«ለእኔ ነው።»

ጉሮሮውን ጠረገ። ወንድ ልጅ ሊሸነፍ ሲል ጉሮሮውን ይጠርጋል። «የኛ አገር ብርድ... ታውቂዋለሽ። ከሱፍ ክር ለራስ የሚሆን፣ ጆሮ የሚሸፍን... ለእኔ ትሠሪልኛለሽ?»

ሐረግ ከክሩ ላይ ዓይኗን አላነሣችም።

«ተራህን ጠብቅ» አለችው።